ፀሐይን ማን ተሸከማት?

(በጥር ወር አንድ ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ነው ያቀረብኩት፤ ያስተካከልኩት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ!

በዚህ የጥር ብርድ ሞቅ ያለ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ተማሪዎቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ። ስንጨርስ ጣሪያው ላይ ቴሌስኮፕ ተተክሎ ይጠብቀናል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዛሬ በጆሯችሁ የምትሰሙትን እዚያ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ቲቸር፣ ፀሐይ ስታልቅ ትፈነዳለች?» ይሉኛል። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ። ግን መልሱ እንዲገባን እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ፀሐይን ማን ተሸከማት?

የምሬን ነው የምጠይቀው። ፀሐይ ከመሬት 330,000 ጊዜ ትከብዳለች። ያ ሁሉ ክብደት ወደ መሃሏ ይጫናል። እዚህ መሬት ላይ ድንጋይ ከሥር ሆኖ ድንጋይን ይሸከማል። ፀሐይ ውስጥ ግን ድንጋይ የለም፣ ብረት የለም፣ ወለል የለም። ከዳር እስከ መሃል ጋዝ ናት። ታዲያ ለምን አትደረመስም? ተሸካሚው ድንገት እጁን ቢያነሳስ ምን ይሆናል? ይህ በሒሳብ ይታወቃል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ወደ መሃሏ ወድቃ ለማለቅ ግማሽ ሰዓት ይበቃታል። ግማሽ ሰዓት! ይኼ ንግግር ሳያልቅ ማለት ነው።

እሷ ግን ይኸው 4.6 ቢሊዮን ዓመት ቆማለች። የሚሸከማት ነገር አለ። ያ ተሸካሚ ደግሞ በዕድሜዋ ውስጥ ይቀያየራል። የአንድ ፀሐይ መሰል ኮከብ የሕይወት ታሪክ ከጋዝ ደመና እስከ ነጭ ድንክ ድረስ የተሸካሚዎቹ ታሪክ ነው። አራት ቦታ ላይ እንቆማለን። ደመናው፣ ጎልማሳዋ ፀሐይ፣ ቀይ ግዙፉ፣ መጨረሻ ላይ ነጩ ድንክ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። የመጨረሻው ላይ ግን ታገሡኝ፣ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

እንግዲህ አንደኛ፣ ደመናው።

ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ ቀና ስትሉ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተደርድረው ታያላችሁ። ኦሪዮን የሚባለው ስብስብ መቀነት ናቸው። ከነሱ ዝቅ ብሎ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። ዓይን የሚያታልል ይመስላል እንጂ እውነተኛ ደመና ነው። ከእኛ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። እዚያ ውስጥ ኮከቦች አሁንም እየተወለዱ ነው።

ደመና ስላችሁ የክረምቱን ደመና እንዳታስቡ። ኮከብ የሚፀነስበት ደመና በጣም የሳሳ ነው። በአንድ ስኳር ቁራጭ በምታህል ቦታ ውስጥ በሺዎች ወይም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ብቻ አሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያችው ቦታ ያለው አየር ከሃያ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ቅንጣት አለው። ከዚያ ሁሉ ባዶነት ነው እንግዲህ ፀሐይ የምትሰበሰበው። ስፋቱን በምሳሌ ልንገራችሁ። ፀሐይን እንደ አንዲት የጤፍ ፍሬ ብንቆጥራት፣ የተሰበሰበችበት ደመና ከዳር እስከ ዳር አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አራት ኪሎ ሜትር ሙሉ ደመና ተሰብስቦ አንዲት ጤፍ!

ደመናውን ማን ተሸከመው? የራሱ ትንሽ ሙቀት። ሙቀት ማለት የቅንጣቶች መሯሯጥ ነው፤ የሚሯሯጡ ቅንጣቶች ይገፋሉ፣ ግፊቱም ክብደቱን ይመክታል። ግን ደመናው ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲህ ቀዝቅዞ ምን አቅም ይኖረዋል? ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ላይ ስበት ያሸንፋል፣ ደመናው ወደ ውስጥ ይወድቃል። ብዙ ሰው ኮከብ ከእሳት የሚወለድ ይመስለዋል። የሚወለደው ከብርድ ነው። ደመናው ሞቃት ቢሆን ኖሮ አይወድቅም ነበር።

ሲወድቅ ደግሞ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ይህን ያውቃል፤ መንፊያው ጫፉ ላይ ያቃጥላል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። መጀመሪያ ላይ የደመናው ሙቀት በቀላሉ ወደ ውጭ ያመልጣል፣ ስለዚህ መውደቁ አይቆምም። እየጠበበ ሲወፍር ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ውስጡ ይታፈናል። ያኔ ግፊቱ ያድግና ውድቀቱን ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሕፃኗ ኮከብ በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ዓመታት ቀስ እያለች ትጠባለች፣ ቀስ እያለች ትግላለች። መሃሏ ከአሥር ሚሊዮን ዲግሪ ሲያልፍ አዲስ ነገር ይጀመራል።

ሁለተኛ፣ ጎልማሳዋ ፀሐይ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ጓሮ ልንገራችሁ። ያደግሁት ደጋ አገር ነው። ከብቶች ነበሩን፤ ፍጉ ከጓሮ ይከመራል። በኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ እያለ ያ ክምር ይጨስ ነበር። እሳት የለበትም፤ ግን እንፋሎት ይወጣዋል። ከብት ልንነዳ ስንወጣ እጃችንን እሱ ውስጥ እንከት ነበር፣ ያሞቃል። አንድ ቀን አባቴን «ማን ነው ከሥሩ የሚያነደው?» አልኩት። «ማንም። ብዙ ሲሆን ራሱ ይሞቃል» አለኝ። ይህን አነጋገር ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አስታወስኩት። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። እዚያ አራት የሃይድሮጅን አቶም አስኳሎች ደረጃ በደረጃ ተዋህደው አንድ ሂሊየም ይሆናሉ። የሂሊየሙ ክብደት ከአራቱ ድምር በ0.7 በመቶ ያንሳል። የጎደለው ወደ ጉልበት ተቀይሯል። ፀሐይ በእያንዳንዷ ሰከንድ 600 ሚሊዮን ቶን የሚያህል ሃይድሮጅን ታዋህዳለች፤ ከዚያም አራት ሚሊዮን ቶን ያህሉ ጉልበት ሆኖ ይወጣል።

ይህን የሰማ ሰው የፀሐይ መሃል የማያቋርጥ ፍንዳታ ይመስለዋል። እስቲ በመጠኑ እናካፍለው። ከፀሐይ እምብርት መሃል ላይ አንድ ሜትር ኩብ ብትቆርጡ የሚሰጣችሁ 280 ዋት ገደማ ነው። ሦስት የድሮ አምፖል አያበራም! እዚህ የተቀመጠ አንድ አዋቂ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። የሱን ያህል ቁራጭ ከፀሐይ እምብርት ብትወስዱ 20 ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው። እናንተ በመጠናችሁ ከፀሐይ እምብርት ትበልጣላችሁ። የፀሐይ እምብርት የአባቴ ፍግ ክምር ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ የሚሰጠው ሙቀት ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ብርሃን ከየት መጣ? ከብዛቷ ነዋ። ብዙ ሲሆን ራሱ ይሞቃል።

ለምን እንዲህ ዝግ አለች? ሁለት የሃይድሮጅን አስኳሎች ሁለቱም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። ቢገናኙ እንኳ ለመጣበቅ አንደኛው በዚያች ቅጽበት ወደ ኒውትሮን መቀየር አለበት፤ ይህ ደግሞ እጅግ ብርቅ ነው። አንድ የሃይድሮጅን አስኳል ፀሐይ መሃል እየተጋጨ እየተጋጨ ተራው እስኪደርሰው በአማካይ በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ይጠብቃል። ፀሐይ ረጅም ዕድሜ ያገኘችው ከዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ጎልማሳዋን ፀሐይ ማን ተሸከማት? ሙቀት። ከውስጥ የሚገፋው የጋለ ጋዝ። የኑክሌር ውህደቱ ሥራ ወደ ላይ የሚያመልጠውን ሙቀት መተካት ነው። እዚህ ውስጥ አንድ ድንቅ ነገር አለ፣ ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል። ፀሐይ እንደ ድስት ክዳን ናት። ድስቱ ሲፈላ እንፋሎቱ ክዳኑን ብድግ ያደርገዋል፣ ትንሽ ይተነፍሳል፣ መልሶ ይቀመጣል። የፀሐይ መሃል ትንሽ ከመጠን በላይ ቢግል ግፊቱ ያድጋል፣ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይቀዘቅዛል፣ ውህደቱም ይቀንሳል። ቢቀዘቅዝ ደግሞ ክብደቱ ይጨምቀዋል፣ ሲጨመቅ ይግላል። ማንም ሳይነካት ራሷን ትቆጣጠራለች።

ግን ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር አለ። አራት ቅንጣት አንድ ሲሆን የሚሯሯጠው ቁጥር ይቀንሳል። አራት ሰው ይገፋው የነበረውን አንድ ሰው ሲገፋ ያ አንዱ የበለጠ መሮጥ አለበት። ስለዚህ እምብርቷ በጥቂቱ ይጠባል፣ በጥቂቱ ይግላል፣ ፀሐይም በጥቂቱ ትደምቃለች። ስትወለድ የነበራት ብርሃን ከዛሬው 70 በመቶ ገደማ ነበር። በሚቀጥለው አንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ደግሞ አሥር በመቶ ያህል ትጨምራለች። አሥር በመቶ ትንሽ ይመስላል አይደል? ለመሬት ግን ትንሽ አይደለም። ባሕሮቿን ለማትነን ይበቃል ተብሎ ይገመታል። መሬት በሕይወት ላለ ነገር የምትከብደው ፀሐይ ከማርጀቷ ብዙ ቀድሞ ነው። ልጆች፣ አትስጉ፣ አንድ ቢሊዮን ዓመት ነው ያልኩት።

ሦስተኛ፣ ቀይ ግዙፉ።

ከዛሬ አምስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ መሃሏ ላይ ያለው ሃይድሮጅን ያልቃል። ዛሬ እንኳ እዚያ መሃል ላይ ከግማሽ በላዩ ወደ ሂሊየም ተቀይሯል። ሲያልቅ ምን ይሆናል? እሳቱ የጠፋ ምድጃ ይቀዘቅዛል። ኮከብ ግን አይቀዘቅዝም። ተሸካሚው ሲደክም ክብደቱ ይጨምቀዋል፣ ሲጨመቅ ይግላል። የሂሊየሙ እምብርት እየጠበበ በሄደ መጠን በዙሪያው ያለው ሃይድሮጅን እንደ ቀለበት ይለኮሳል። ያ ቀለበት ከቀድሞው እምብርት የበለጠ ኃይለኛ ነው። የሚያወጣውን ሙቀት የላይኛው አካል ማሳለፍ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ይገፋል፣ ያብጣል። ሲያብጥ ላዩ ይቀዘቅዛል፣ ይቀላል።

ዛሬ ማታ ከመቀነቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብታዩ አንድ ብርቱካናማ ደማቅ ኮከብ አለ። አልዴባራን ይባላል፤ 65 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ክብደቱ ከፀሐይ ብዙም አይበልጥም። ስፋቱ ግን ከፀሐይ ከአርባ እጥፍ በላይ ነው። የፀሐይን እርጅና ማየት የሚፈልግ ሰው እሱን ይይ።

ፀሐይ ግን ከዚያም ታልፋለች። መጨረሻ ላይ ስፋቷ ከ200 እጥፍ፣ ብርሃኗ ከ2,000 እጥፍ በላይ እንደሚሆን ይሰላል። ሜርኩሪና ቬነስ ይዋጣሉ። መሬትስ? እዚህ ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ፀሐይ ስታብጥ ክብደቷን በነፋስ መልክ ትበትናለች፤ ስትቀል ስበቷ ይላላል፣ መሬትም ወደ ውጭ ትሸሻለች። በሌላ በኩል ያበጠው አካል መሬትን ወደ ኋላ ይጎትታታል። ብዙዎቹ ስሌቶች መጎተቱ ያሸንፋል ይላሉ።

አሁን ወደ መሃሉ እንመለስ። እዚያ ሌላ ተሸካሚ መጥቷል። እሱን ለማስተዋወቅ የዩኒቨርሲቲ ዶርሜን ልጠቀም።

መጀመሪያ ዓመት የገባሁ ጊዜ የመጣሁበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ዘግይቼ ደረስኩ። ዶርሙ ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች ነበሩ። የታችኞቹ በሙሉ ተይዘዋል። እኔ ላይኛው ላይ ወጣሁ። ከፍታ ወድጄ አይደለም፤ ታች ቦታ ስለጠፋ ነው። በአንድ አልጋ ላይ ከአንድ ሰው በላይ አይተኛም፣ አለቀ። ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ ሕግ አላቸው። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 ነው ያስቀመጠው። በአንድ የጉልበት ደረጃ ላይ ከሁለት በላይ ኤሌክትሮን አይገባም። ጋዙ በጣም ሲጨመቅ የታችኞቹ ደረጃዎች ይሞላሉ። የቀሩት ወደ ላይኛው ደረጃ ለመውጣት ይገደዳሉ። ላይኛው ደረጃ ማለት ፈጥኖ መሮጥ ማለት ነው። የሚሮጡት ሞቀው አይደለም፤ ታች ቦታ ስለሌለ ነው። ሯጭ ካለ ደግሞ ግፊት አለ።

ገባችሁ? ይህ ሙቀት የማይፈልግ ተሸካሚ ነው። ብታሞቁትም ብታቀዘቅዙትም ግፊቱ እምብዛም አይለወጥም።

ይህ ተሸካሚ ግን አንድ አደጋ አለው። የድስቱን ክዳን አስታወሳችሁ? በቀይ ግዙፉ መሃል የሂሊየሙ እምብርት መቶ ሚሊዮን ዲግሪ ሲደርስ ሂሊየም ራሱ መዋሃድ ይጀምራል፤ ሦስት ሂሊየም አንድ ካርቦን ይሆናል። ውህደቱ ያሞቃል። ጎልማሳዋ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ታብጥና ትቀዘቅዝ ነበር። አሁን ግን ክብደቱን የያዙት የተጨናነቁት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ሙቀት ቢጨምር ግፊቱ አይነሳም፣ ክዳኑ ብድግ አይልም። ሙቀቱ ውህደቱን ያፋጥናል፣ ውህደቱ ሙቀቱን ይጨምራል። በጣም አጭር ለሆነ ጊዜ እምብርቱ የሚያመነጨው ጉልበት በቢሊዮን ከሚቆጠሩ ፀሐዮች ጋር ይስተካከላል።

«እንግዲያው ፈነዳች!» ትሉኝ ይሆናል። አልፈነዳችም። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ምንም ነገር አይታይም። ጉልበቱ በሙሉ የተጨመቀውን እምብርት ለማላቀቅ ይውላል። ከተላቀቀ በኋላ ክዳኑ እንደገና ይሠራል። ኮከቡም ጠበብ ብሎ፣ ረጋ ብሎ ለመቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሂሊየም ያዋህዳል። የሚሰበሰበው አመድ ካርቦንና ኦክሲጅን ነው።

ከዚያ ሂሊየሙም ያልቃል። እምብርቱ እንደገና ይጠባል፣ ውጭው እንደገና ያብጣል። ካርቦንን ለማዋሃድ ግን ከዚህ በጣም የበለጠ ግለት ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ያንን ለማምጣት ክብደቷ አይበቃም። እንደ ከባድ ኮከብ ለመፈንዳት ደግሞ ስትወለድ ከአሁኑ ስምንት እጥፍ ገደማ መክበድ ነበረባት። ተማሪዎቼ፣ የጥያቄያችሁ መልስ ይኸው። ፀሐይ አትፈነዳም። ልብሷን ታወልቃለች። የላይኛው አካል እየተነፈሰ እየተበተነ ይሄዳል፤ ከክብደቷ ግማሽ ያህሉ ወደ ሕዋ ይመለሳል። የተራቆተው እምብርት የበተነውን ጋዝ ያበራዋል። ያ የሚያምር የብርሃን ቀለበት ከጥቂት አሥር ሺህ ዓመታት በላይ አይቆይም። ጋዙ ይሳሳል፣ ይጠፋል። እምብርቱ ግን ይቀራል፤ ነጭ ድንክ የሚባለው እሱ ነው።

አራተኛ፣ ነጩ ድንክ። ታገሡኝ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው።

በ1910 ሄንሪ ኖሪስ ራስል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በሃርቫርድ ከኤድዋርድ ፒክሪንግ ጋር እየተጫወተ ነበር። ደብዛዛ ኮከቦች ቀዝቃዛና ቀይ ናቸው የሚል ሐሳብ ነበራቸው። በምሳሌነት 40 ኤሪዳኒ የሚባለው ኮከብ ጎን ያለች አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ተነሳች። ብርሃኗ ምን ዓይነት ነው? ፒክሪንግ ወደ ዊልያሚና ፍሌሚንግ ደወለላት። ይቺ ሴት ከስኮትላንድ የመጣች ናት፤ መጀመሪያ በፒክሪንግ ቤት የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮከቦችን ብርሃናቸውን እያየች የመደበች ሆነች። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ መልሷ መጣ። ኮከቧ ቀይ አይደለችም። ነጭ ናት፣ ትኩስ ናት።

ራስል ግራ ገባው። ለምን ግራ እንደገባው ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቁጥሮቹ በዛሬ ልኬት ናቸው።

ይቺ ኮከብ 16 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። ርቀቷን ካወቅን እውነተኛ ብርሃኗን እናውቃለን፤ ከፀሐይ ወደ 77 እጥፍ ያንሳል። ላይዋ ግን 17,000 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የፀሐይ ላይ 5,800 ብቻ ነው። የግለት ልዩነት ሦስት እጥፍ ገደማ። አንድ ትኩስ ነገር ሦስት እጥፍ ገደማ ሲግል እያንዳንዷ ካሬ ሜትር የምትሰጠው ብርሃን ሦስት እጥፍ ብቻ አያድግም። እጥፉ በራሱ አራት ጊዜ ይባዛል። ስለዚህ የሷ አንድ ካሬ ሜትር ከፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር 75 እጥፍ ያህል ያበራል። እንዲህ የሚያበራ ላይ ኖሯት በጠቅላላው 77 እጥፍ ያነሰ ብርሃን ከሰጠች፣ ላይዋ በጣም ትንሽ ነው ማለት ነው። ስንት? 75 ሲባዛ በ77፣ ከ5,700 እጥፍ በላይ ያነሰ። የጎን ስፋቱ የዚያ ካሬ ሥር ነው፤ 76 ገደማ። ፀሐይ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። ለ76 አካፍሉት። 18,000 ኪሎ ሜትር ገደማ!

መሬት 12,700 ኪሎ ሜትር ናት። እንግዲህ ይቺ ኮከብ ከመሬት ትንሽ የምትበልጥ ናት። ክብደቷስ? አጠገቧ ሌላ ትንሽ ቀይ ኮከብ አለች፤ ሁለቱ በ230 ዓመት ገደማ አንዴ ይዞራሉ። ከዚያ ዙር ክብደቷ ይወጣል። የፀሐይን ከግማሽ በላይ፣ 0.57 ነው። ከግማሽ በላይ የሆነ ፀሐይ መሬትን በምታህል ነገር ውስጥ ታጭቋል!

የቡና ሲኒ አስቡ። ከዚያች ኮከብ አንድ ሲኒ ሙሉ ብትቀዱ ከሃያ ቶን በላይ ይመዝናል። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ሙሉ ጭነት በአንድ ሲኒ። በዚያ ዘመን ይህን ቁጥር ያገኙ ሰዎች ስህተት መሰላቸው፤ አይፈረድባቸውም። ምን ዓይነት ነገር ነው እንዲህ ያለውን ክብደት የሚሸከመው?

መልሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ዶርሙ! ራልፍ ፋውለር የሚባል እንግሊዛዊ በ1926፣ ማለትም ፓውሊ ሕጉን ባስቀመጠ በዓመቱ፣ ነጭ ድንክን የሚሸከሙት የተጨናነቁት ኤሌክትሮኖች መሆናቸውን አሳየ። ልብ በሉ፣ ነጭ ድንክ ውስጥ ማገዶ የለም። ሃይድሮጅኑ አልቋል፣ ሂሊየሙ አልቋል፣ ካርቦኑና ኦክሲጅኑ አይዋሃዱም። ጎልማሳዋ ፀሐይ ለመቆም በየሰከንዱ መብላት ነበረባት። ነጭ ድንክ ምንም ሳይበላ ይቆማል። ሙቀቱ የድሮው ነው፣ ከእሳት ላይ የወረደ ምጣድ ሙቀት። ቀስ እያለ ወደ ሕዋ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ አይደረመስም፤ ተሸካሚው ሙቀት ስላልሆነ።

ይህ ተሸካሚ ወሰን አለው። ነጭ ድንክ ላይ ክብደት ብትጨምሩበት አይሰፋም፣ ይጠባል። እስከ 1.4 ፀሐይ ገደማ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ይሰበራል። ያንን ወሰን ያገኘው ሕንዳዊው ሱብራህማንያን ቻንድራሴክሃር ነው፤ በ1930 ወደ እንግሊዝ ለትምህርት ሲሄድ መርከብ ላይ ሆኖ ነበር ማስላት የጀመረው፣ ዕድሜው 19 ነበር። የእኛ ፀሐይ ግን እዚያ አትደርስም። የምትተወው ድንክ ክብደቱ ከዛሬው ክብደቷ ግማሽ ትንሽ የሚያልፍ ነው። ልክ እንደ 40 ኤሪዳኒዋ ኮከብ ማለት ይቻላል።

ከዚያስ? እየቀዘቀዘ ውስጡ ይረጋል። ካርቦኑና ኦክሲጅኑ እንደ ክሪስታል ይደረደራሉ። በ2019 ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ከለካቻቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭ ድንኮች ውስጥ የዚህ መርጋት ምልክት ታይቷል፤ ሲረጉ ሙቀት ስለሚለቁ ቅዝቃዜያቸው ይዘገያል። ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ የጠቆረ ነጭ ድንክ ግን እስካሁን የለም። ዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ነው። ለዚያ ገና ጊዜው አልበቃም።

እንግዲህ ወደ ጣሪያው እንውጣ። መጀመሪያ የኦሪዮንን ደመና እናያለን። ቀጥሎ አልዴባራንን፤ ለሱ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፣ ቀለሙን በዓይናችሁ እዩት። መጨረሻ ላይ ቴሌስኮፑን ወደ 40 ኤሪዳኒ አዞረዋለሁ። ደማቁን ኮከብ ተዉት። ጎኑ ያለችውን ደብዛዛ ነጭ ነጥብ ፈልጉ፣ እሷ ናት። የአሥረኛ ክፍል ልጆች፣ ያ ብርሃን ከኮከቧ ተነስቶ ጉዞ የጀመረው እናንተ በተወለዳችሁበት ሰሞን ነው። ዛሬ ማታ ዓይናችሁ ላይ ያርፋል።

ደረጃው በግራ በኩል ነው። ላይ ስለሚበርድ ጋቢና ጃኬታችሁን እንዳትተዉ። ሕፃናት ይቅደሙ።